ሰናመኪና የጉሎ ዘይት፦ መቼ ይጠጣሉ፣ ምን ያህል፣ ሆድ ሲቆርጥስ ምን ይደረጋል?

ሆዴ ከደረቀ አምስተኛ ቀኑ ነበር። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሏል። ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ኩባያ የሰናመኪ ሻይ ጠጣሁ። 5 ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። «ቅጠሉ የቆየ መሆን አለበት» ብዬ ሁለተኛ ኩባያ ደገምኩ፣ ያውም ጥቁር እስኪል አፍልቼ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ትዕግስቴ አለቀ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጉሎ ዘይት ጨመርኩበት።

10 ሰዓት ላይ ሆዴን የሆነ ሰው እንደ እርጥብ ልብስ የሚጨምቀው መሰለኝና ነቃሁ። እስከ ጠዋት 2 ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነበር። ልነሳ ስል ዓይኔ ጨለመ፣ ባቴ ተኮማተረ፣ የሽንት ቤቱ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እህቴ ናት ደግፋ ያወጣችኝ።

ያጠፋሁት ቅጠሉን በመጠቀሜ አይደለም፣ ሰዓቱን ባለማወቄ ነው። ሰናመኪ የሚሠራው ከተጠጣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የጉሎ ዘይት ደግሞ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ኩባያ፣ ሁለተኛው ኩባያና ዘይቱ በተለያየ ሰዓት ተነስተው ሊነጋ ሲል አንጀቴ ውስጥ ተገናኙ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚሁ ላይ ስለሆነ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት። ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ መጠጣት የሌለበትን ሰው ለዩ

ውሃውን ከመጣዳችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ሆዳችሁን በኃይል ያማችኋል? ያስመልሳችኋል? ትኩሳት አለ? ሰገራ ብቻ ሳይሆን ፈስም መውጣት አቁሟል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ምንም የሚያስቀምጥ ነገር አትጠጡ። የተዘጋ አንጀት ወይም የተቆጣ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። የተዘጋን ነገር ከላይ መግፋት አንጀት እስከ መቅደድ ያደርሳል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ።

2. ሰገራው ላይ ደም አለ? ሳትፈልጉ ከስታችኋል? ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ሆኖ ድርቀቱ በቅርቡ የጀመረ አዲስ ነገር ነው? ሻዩን ተዉትና ተመርመሩ።

3. ነፍሰ ጡር ናችሁ? የጉሎ ዘይት ፈጽሞ አትንኩ። ማህፀንን ያኮማትራል። ሰናመኪንም ሐኪም ሳያውቅ አትጠጡ። የምታጠቡም እንዲሁ ጠይቁ።

4. ሊጠጣ ያሰበው ከ12 ዓመት በታች ልጅ ነው? ይሄ መመሪያ ለእሱ አይሆንም። የሕፃናት መጠን በዕድሜና በክብደት ይወሰናል፣ በማንኪያ አይገመትም። ዳይፐር የሚጠቀም ልጅ ሰናመኪ ሲወስድ ደግሞ ሰገራው ቆዳው ላይ ከቆየ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል።

5. ዲጎክሲን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም እንደ ፉሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ትወስዳላችሁ? ኩላሊት ወይም ልብ ሕመም አለባችሁ? በተቅማጥ ፖታሲየም ይወጣል፣ እነዚህ መድኃኒቶችም ፖታሲየም ይቀንሳሉ ወይም ሲቀንስ አደገኛ ይሆናሉ። ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። ፋርማሲስት ሳታማክሩ አትጀምሩ።

6. ሰገራው ያለው የት ነው? ይሄን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፣ ግን ብዙ ቁርጠት ያስቀራል። «በሩ ላይ ደርሶ አልወጣ አለኝ» የሚል ስሜት ካላችሁ ጠንካራው ሰገራ መውጫው ጋ ተሰክቷል። ሰናመኪ ከኋላ ሲገፋው በግድግዳ ላይ እንደመግፋት ነው፤ ቁርጠት ብቻ ይተርፋችኋል። አንዳንዴ ቀጭን ፈሳሽ በጎን ሾልኮ ይወጣና ተቅማጥ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን የሚያስፈልገው ከታች የሚገባ የግሊሰሪን እንክብል ነው። በአብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ካልሠራ የጤና ባለሙያ ያውጣላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት አስቡ። የደም ማነስ አይረን፣ ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች፣ አልሙኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ሆድ ያደርቃሉ። ምክንያቱ እነሱ ከሆኑ የሰናመኪ ሻይ የዛሬን ያልፋል እንጂ የነገን አያስቀርም።

ደረጃ 2፦ በሰዓቱ ምረጡ

ሦስቱን ለዩዋቸው።

*ተልባና ኢስፓጎል።* ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ሰገራውን ያለሰልሳሉ። ቁርጠታቸው አነስተኛ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ይነፋሉ። ውጤታቸው የሚታየው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ለተጨነቀ ሰው አይሆኑም። ለዘለቄታው ግን የሚሻሉት እነሱ ናቸው።

*ሰናመኪ።* ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ሰኖሳይድ ይባላል። ጨጓራና ትንሹን አንጀት ሳይነካ ያልፍና ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይፈቱታል። ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ያኮማትራል፣ ውሃ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ ጉዞው ረጅም ነው። ብታጠቁሩት ጉዞው አያጥርም፣ ሲደርስ የሚመታችሁ ዱላ ብቻ ይከብዳል።

*የጉሎ ዘይት።* ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ሪሲኖሌይክ አሲድ ይሆናል። የአንጀትን ጡንቻ የሚያዘው ይሄ አሲድ ነው። ማህፀንንም የሚያኮማትረው በዚያው መንገድ ነው። ፈጣንና ጉልበተኛ ነው፣ ለመኝታ ሰዓት አይሆንም።

ለአንድ ጊዜ ድርቀት የእኔ ምርጫ ሰናመኪ ነው። የጉሎ ዘይትን ከታች እነግራችኋለሁ፣ ግን እኔ ራሴ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልነካሁትም።

ከምትመርጡት አንዱን ብቻ ያዙ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማቀላቀል የለም።

ደረጃ 3፦ ሻዩን በትክክል አዘጋጁ

የሻዩ ችግር መጠኑ ነው። ኪኒኑ ላይ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ተጽፏል፤ አንድ ፍሬ ብዙውን ጊዜ 7.5 ወይም 8.6 ሚሊግራም ነው፣ ለአዋቂ ማታ ሁለት ፍሬ ይሰጣል። ቅጠሉ ላይ ግን ማንም አልጻፈም። ስለዚህ ኪኒን ካገኛችሁ ከሻይ ይልቅ እሱን ውሰዱ። ቅጠል ብቻ ካላችሁ ደግሞ እንዲህ አስሉት።

ደረጃውን የጠበቀ ደረቅ ቅጠል 1 ግራም ውስጥ 25 ሚሊግራም ያህል የሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር አለ። ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊግራም በላይ አይመከርም። ስለዚህ 1 ግራም ለአንድ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ያን ቀን በእፍኝ ነበር የጨመርኩት።

1. ቅጠሉን ብቻ ለዩ። እንጨትና አቧራ አራግፉ። ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ጣሉት።
2. ሚዛን ካላችሁ ግማሽ ግራም መዝኑ። ከሌላችሁ ከደቀቀው ቅጠል ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ አፉን በቢላ ገድባችሁ ውሰዱ። የተቆለለ ማንኪያ መጠን አይደለም።
3. አንድ ኩባያ ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱ። ቅጠሉን ጨምሩ። አብራችሁ አታፍሉ።
4. ክዳን አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ሰዓት ያዙ።
5. በጥሩ አጥልሉ። ኩባያው ሥር የቀረ ቅጠል ካለ አትጠጡት፣ እሱም መጠን ነው።

ቀለሙ ቀላል ቡናማ ይሆናል። ጥቁር ከሆነ በዝቷል፤ ደፍታችሁ እንደገና ሥሩ። በውሃ አቅጥኖ ሙሉውን መጠጣት አያድንም፣ ውስጡ ያለው ያው ነው።

ቦርሳው ላይ «የማቅጠኛ ሻይ» የሚል የተዘጋጀ ሻይ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ሰናመኪ አለ። ያን እየጠጡ ሌላ ሰናመኪ መጨመር መደረብ ነው። በነገራችን ላይ ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውሃና ሰገራ ነው። የምግቡ ኃይል በአብዛኛው ቀድሞ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጧል፣ ሰናመኪ የሚሠራው ደግሞ ትልቁ ላይ ነው። ስብ አይነካም።

ደረጃ 4፦ ሌሊቱን በሰዓት ምሩት

ከወር በኋላ ሆዴ እንደገና ደረቀ። ያኔ ያደረግኩት ይሄ ነው፣ እናንተም ተከተሉት።

*ማታ 1 ሰዓት።* ቀለል ያለ እራት ብሉ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። በማግስቱ ጠዋት ቤት የምትሆኑበትን ቀን ምረጡ፤ ፈተና፣ ረጅም መንገድ ወይም ስብሰባ ካለ ዛሬ አይደለም።

*ማታ 4 ሰዓት።* ሻዩን ጠጡ። የጠጣችሁበትን ሰዓትና መጠን ወረቀት ላይ ጻፉና ኩባያው ላይ አጣብቁት። ይቀልዳል አትበሉኝ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተነስቶ «አልሠራም» ብሎ የሚደግመውን ሰው የሚያስቆመው ያ ወረቀት ነው። የእኔ ላይ «ግማሽ ማንኪያ፣ 4 ሰዓት፣ እስከ ጠዋት 4 ሰዓት አትንካ» ይል ነበር።

*ሌሊት።* ተኙ። ምንም ባይሰማችሁ ልክ ነው። ሆድ ማጉረምረም ይጀምራል፣ እሱም ልክ ነው።

*ጠዋት 1 ሰዓት።* ሞቅ ያለ ነገር ጠጡ፣ ቁርስ ብሉ። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት በራሱ ይነቃል። ቁርስ መዝለል ሰናመኪውን ረዳት መንሳት ነው።

*ከቁርስ በኋላ።* ሽንት ቤት ግቡ። የምትቀመጡበት ከሆነ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ በርጩማ አድርጉና ጉልበታችሁ ከወገባችሁ ከፍ ይበል። ጎንበስ በሉ። አታምጡ። 10 ደቂቃ ካለፈ ተነሱ፣ ትንሽ ተራመዱ፣ ስሜቱ ሲመጣ ተመለሱ።

እኔ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማለትም ከጠጣሁ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ። ቁርጠቱ ነበር፣ ግን ሊያስጮህ የሚችል አልነበረም። አለቀ።

ሽንታችሁ ቢጫ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ቢሆን አትደንግጡ። ሰናመኪው ያቀለመው ነው፣ ሲወጣ ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ ሆድ ሲቆርጥ

ሰናመኪ አንጀትን እያኮማተረ ስለሚሠራ ትንሽ ቁርጠት ይጠበቃል። ጥያቄው የትኛው ቁርጠት ነው የሚለው ነው።

የተለመደው እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ይለቃል። ሽንት ቤት ስትደርሱ ወይም ፈስ ሲወጣ ይቀላል። በማዕበሎቹ መሀል ደህና ናችሁ። እንዲህ ከሆነ፦

1. በጎናችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን ወደ ሆዳችሁ ሳቡ።
2. ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ ወይም ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ እምብርታችሁ ላይ አድርጉ።
3. ሲለቃችሁ ተነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።
4. ሞቅ ያለ ውሃ ፉት በሉ።
5. ለሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ጠንካራ ቁርጠት ብዙውን ጊዜ «በዛብኝ» ማለት ነው።

ቁርጠት ለማስቆም የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን አትዋጡ። አንዱ እየገፋ ሌላው እየያዘ መሀል የሚጨነቀው አንጀታችሁ ነው።

ያልተለመደው ቁርጠት ደግሞ አይለቅም። ወደ አንድ ቦታ፣ በተለይ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይሰበሰባል። ስትራመዱ ወይም ስታስሉ ይባባሳል። ሆዱ ሲነካ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ወይም ማስመለስ ይከተላል። ይሄ የሻዩ ቁርጠት አይደለም። ሙቀት ማድረጉን ተዉና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደጠጣችሁ ንገሩ። አንዳንድ ሰው ቅጠል ጠጥቻለሁ ማለት ያፍራል፣ ሐኪሙም ሳያውቀው ይቀራል። ኩባያው ላይ ያጣበቃችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ጠዋት ምንም ካልመጣ

12 ሰዓት እስኪሞላ አትደግሙ። ከሞላም በዚያው ቀን አትደግሙ። በደንብ ውሃ ጠጡ፣ ብሉ፣ ተንቀሳቀሱ።

ማታ ላይ ደረጃ 1ን እንደገና አንብቡ። አዲስ ሕመም ከሌለ መጠኑን ከግማሽ ወደ አንድ የተገደበ የሻይ ማንኪያ ማሳደግ ትችላላችሁ። ጣሪያው ይሄ ነው። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ካልሠራ ሦስተኛውን አትሞክሩ። ወይ ሰገራው መውጫው ላይ ተሰክቷል፣ ወይ ችግሩ ሌላ ነው። ሁለቱንም የጤና ባለሙያ ማየት አለበት።

ደረጃ 7፦ ከበዛ

ከሦስት አራት ጊዜ በላይ ውሃ የመሰለ ከወጣችሁ ከልክ አልፏል። አሁን ሥራችሁ የወጣውን መተካት ነው።

1. ኦአርኤስ ካለ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ በጥብጡ። ከሌለ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉንም ገድባችሁ፣ አሟሙ። ጨዉን በዓይን አትገምቱ።
2. አንድ ጊዜ አትጨልጡ። ፉት፣ ፉት። በወጣችሁ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ያህል ተኩ።
3. ከመቀመጫችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። እኔ ያዞረኝ በድንገት ስነሳ ነው።
4. መብላት ሲያምራችሁ ሙዝ ወይም ድንች ብሉ፣ ፖታሲየም አላቸው።
5. የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱ፣ ከባድ ተቅማጡ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ እንክብሉ በደንብ ላይመጠጥ ይችላል። ሌላ መከላከያ ጨምሩ።

ሽንት ለሰዓታት ካልመጣ፣ ልብ ካለቦታው ከዘለለ፣ ጡንቻ ከዛለ፣ ሰው ግራ ከተጋባ ወይም ደም ከታየ ቤት አትቆዩ።

የጉሎ ዘይት ካልጠጣሁ የምትሉ

ፋርማሲ የሚሸጠውን፣ «የሚጠጣ» ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ውሰዱ። ለፀጉርና ለቆዳ የሚሸጠው ለመጠጥ ተብሎ አልተዘጋጀም፣ ሽቶ ወይም ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል።

ፍሬውን ደግሞ በምንም ምክንያት አታኝኩ። ውስጡ ሪሲን የሚባል ገዳይ መርዝ አለ። በፋብሪካ የተጣራው ዘይት ውስጥ መርዙ አይኖርም፤ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ በሙቀትም ይጠፋል። ቤት ወቅጦ ማውጣት ግን ይሄን ማረጋገጫ አይሰጥም። ልጅ ፍሬውን አኝኮ ከተገኘ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ምልክቱ ሰዓታት ሊዘገይ ይችላል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦

1. ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት በምትሆኑበት ቀን።
2. አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 15 ሚሊሊትር። የምርቶቹ ጽሑፍ ለአዋቂ እስከ 60 ሚሊሊትር ይፈቅዳል። እኔ ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም፤ ሁለት ማንኪያ ምን እንዳደረገኝ ነግሬያችኋለሁ።
3. በቀዝቃዛ ጭማቂ መቱትና በአንድ ትንፋሽ ጨርሱ። ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይደበቃል። ከዚያ ሌላ ጭማቂ አስከትሉ።
4. ከ2 እስከ 6 ሰዓት ጠብቁ። ካስመለሳችሁ አትደግሙ።
5. ለአንድ ቀን ብቻ። ከተደጋገመ ምግብ ውስጥ ያሉትን ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ መመጠጥ ይቀንሳል።

እንቅልፍ እንቅልፍ ለሚለው፣ ለመዋጥ ለሚቸገር ወይም እያስመለሰ ላለ ሰው አትስጡ። ዘይቱ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

እሬትን ተዉት

ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ነው የሚያስቀምጠው። ሰናመኪን የሚመስል ንጥረ ነገር አለው፣ ቁርጠቱ ግን ይብሳል። በቀን 1 ግራም ለተወሰኑ ቀናት መውሰድ ኩላሊት ሊያበላሽና ሊገድል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. ደህንነቱን የሚያሳይ በቂ መረጃ አልቀረበም ተብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች ውስጥ ወጥቷል። ሰናመኪ እያለ እሱን የምንመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ደረጃ 8፦ ከማግስቱ ጀምሮ ያለው ወጥመድ

ይሄን ደረጃ ያላነበበ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ሰናመኪው አንጀቱን ባዶ አድርጎታል። ባዶ አንጀት እስኪሞላ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ሰገራ ባይመጣ ድርቀት አይደለም፣ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ነው። ሰው ግን «ያው ተመለሰብኝ» ብሎ በሁለተኛው ቀን እንደገና ይጠጣል። በአራተኛው ይደግማል። ወር ሲሞላ ያለ ሰናመኪ መቀመጥ የማይችል ይመስለዋል። በዚህ መሀል ፖታሲየሙ እየቀነሰ ከሄደ አንጀት ራሱ ይሰንፋል፣ እውነተኛ ድርቀት ይመጣል። ለወራት የሚጠጡ ሰዎች አንጀታቸው በመሣሪያ ሲታይ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል፤ ሲተዉት በወራት ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ፦

1. ከሰናመኪው በኋላ ሦስት ቀን ሰናመኪም ሆነ የጉሎ ዘይት አትጠጡ። እኔ በሁለተኛው ቀን እጄ ወደ ቅጠሉ ሄዶ ነበር፣ ወረቀቱን አይቼ መለስኩት። በሦስተኛው ጠዋት በራሱ መጣ።

2. በማግስቱ ተልባ ወይም ኢስፓጎል ጀምሩ። ተልባ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ። ኢስፓጎል ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ በ240 ሚሊሊትር ውሃ፣ በጥብጣችሁ ሳይወፍር ወዲያው ጠጡ። ከሁለቱም በኋላ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። በደረቁ አትቃሙ፣ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል። ለመዋጥ የሚቸገር ሰው አይውሰድ። ልትተኙ ስትሉም አይሁን።

3. ሌላ መድኃኒት ካላችሁ በሁለት ሰዓት አራርቁት፣ እንዳይመጠጥ ያግደዋል።

4. ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዴ ብቻ። ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ይለምዳል። ካልተቸገራችሁ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ አድርጉት።

5. በየቀኑ ከቁርስ በኋላ በዚያው ሰዓት ሽንት ቤት ግቡ፣ ባይመጣም። ሲመጣ ደግሞ «ቆይ ሥራ ልጨርስ» ብላችሁ አትያዙት።

ሰናመኪን ያለ ሐኪም ከአንድ ሳምንት በላይ አትቀጥሉ። በሳምንቱ ውስጥም በየሌሊቱ ሳይሆን ሁለት ሌሊት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለጋችሁ የጻፋችኋቸውን ወረቀቶች፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና የሻዩን ማሸጊያ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ግቡ። ቅጠሉ ማሸጊያ ከሌለው ራሱን ጥቂት በላስቲክ ያዙለት።